የተቃጠለው መፍጫ፦ የኩባንያውን የአደባባይ መልስ ወደ አማርኛ እንዴት ልመልሰው?

የሆጤ ተርጓሚ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ ከተማ የቤት ዕቃ ለሚያከፋፍል አንድ ድርጅት አልፎ አልፎ ትርጉም እሠራለሁ። አሁን የሰጡኝ ጽሑፍ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ ነገር ግን ከረጅም ውል የበለጠ አስቸግሮኛል። ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

ድርጅቱ ከውጭ የሚያስመጣው የጁስ መፍጫ አለ። አንዲት ገዢ በጉግል ካርታ ላይ ባለው የሱቁ ገጽ አንድ ኮከብ ሰጥታ እንዲህ ጽፋለች፦

> «ገንዘቤን ያቃጠለ ዕቃ ነው። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በርበሬ ስፈጭበት ጢስ ወጣውና ቀጥ አለ። ሱቁ ይዤ ስሄድ ‹አጠቃቀም ሳታውቂ ነው ያቃጠልሽው› ብለው ሰው ፊት አሳፍረው መለሱኝ። ሌቦች ናችሁ። ማንም እንዳይገዛ።»

የአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውጭ አገር ነው ያለው። ቅሬታውን በትርጉም አንብቦ መልስ በእንግሊዝኛ ልኳል፤ የእኔ አማርኛ ከቅሬታው ሥር ለሕዝብ ይለጠፋል። ቃል በቃል ሳመጣው ይህን ይመስላል፦

> «ውድ ደንበኛ፣ ይህን ልምድ በማግኘትዎ እናዝናለን። ለተፈጠረው አለመመቸት ይቅርታ እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ ምርቱ ለደረቅ መፍጨት ያልተነደፈ መሆኑን፣ ይህም በመመሪያው ላይ የተገለጸ መሆኑን ልናሳውቅዎ እንወዳለን። ስጋትዎን በቁም ነገር እንወስዳለን። እባክዎ በሥራ ሰዓት ከ9 እስከ 5 ያግኙን።»

«ቃናው የተረጋጋና ኃላፊነት የሚወስድ ይሁን» የሚል ማሳሰቢያም አብሮ ተልኮልኛል። ደጋግሜ ሳነበው መረጋጋቱ ይታየኛል፤ ኃላፊነቱ ግን የት እንዳለ አላገኘሁትም። አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገራችሁ። ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን መመሪያ ከሱቁ ወስጄ አይቻለሁ። በእንግሊዝኛው ቡክሌት ላይ ደረቅ ቅመም እንደማይፈጭበትና ከ1 ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ ማሠራት እንደማይገባ ተጽፏል። አብሮት በሚሰጠው ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች የሉም።

እና ምን ላድርግ? የተላከልኝን እንዳለ ልተርጉም ወይስ…?

---

ከጦሳ ሥር

እህቴ፣ ተርጓሚ የደራሲውን ሐሳብ ማስተላለፍ እንጂ መለወጥ ሥራው አይደለም። ይህንን አትርሺ። አማርኛውን ግን ማሳመር ትችያለሽ። «ልምድ በማግኘትዎ» የሚለው አማርኛ አይደለም። እንዲህ በይው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሆኖም ግን ምርታችን ደረቅ ነገሮችን ለመፍጨት የማያገለግል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» ጨዋ ነው፣ የተለመደ ነው፣ ማንንም አያስቆጣም።

---

ሐረጎ

ከጦሳ ሥር የጻፉት በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ተርጓሚ ኩባንያው ያላለውን ይቅርታ በኩባንያው ስም ሊጠይቅ አይችልም። ነገር ግን «የተለመደ ነው» ያሉት ነገር ነው ችግሩ። እኔ ለረጅም ጊዜ የድርጅት ደብዳቤዎችንና የቅሬታ መልሶችን ሳርም ኖሬአለሁ። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰው የሚያውቀው በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ውሃ ሲቋረጥ፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ሲስተም ሲጠፋ የሚለጠፈው እሱ ነው። አንባቢው ገና «ለተፈጠረው» የሚለውን ሲያይ ማንም ሰው እንዳልጻፈለት ያውቃል። መጉላላቱ «ተፈጠረ» እንጂ ማን ፈጠረው? ባለቤት የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው እያንዳንዱን ግሥ ይዤ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ ባለቤት የሌለው ግሥ እዚያም የተለመደ ነው፤ የእነርሱ አንባቢ ያልፈዋል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን «ተፈጥሯል»፣ «ተገልጿል»፣ «ተከስቷል» እየሆነ ይከማቻል፤ ሦስት ሲደራረብ ደግሞ የሸሸ ሰው ቃል ይሆናል። የአማርኛ ግሥ «እኛ»ን በውስጡ ይዞ መምጣት ይችላል፦ አልጻፍንም፣ መለስንዎት፣ እንቀይራለን። ኃላፊነት የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ «ከልብ» የሚል ቃል በመጨመር አይደለም።

ሁለተኛው «እናዝናለን» ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይላል፤ ሐዘንን መካፈልም ጥፋትን ማመንም ይሆናል፤ ለመለየትም አይገደድም። አማርኛ ግን ያስገድድሻል። «እናዝናለን» ካልሽ በደረሰባት ነገር ከዳር ሆነሽ ማዘንሽ ነው፤ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ካልሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለትሽ ነው። ይህንን ምርጫ አንቺ ማድረግ የለብሽም። ጽፈሽ ጠይቂያቸው። እኔ ብሆን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ይቅርታ የምትጠይቁት ስለ ምንድን ነው፣ ስለ ማሽኑ ነው ወይስ ስለ ሱቁ አቀባበል? የአማርኛው ወረቀት ማስጠንቀቂያውን እንደማይዝ ታውቃላችሁ? እና ለዚህች ሴት ምን ልታደርጉላት ነው? የሦስቱ መልስ ከሌለ ጥሩ አማርኛ አይወጣውም።

በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ አይለፍ። «በመመሪያው ላይ ተገልጿል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እውነት ነው፤ በአማርኛ ስትጽፊው ውሸት ይሆናል። ምክንያቱም ያንን የምታነበው ሴት እጅ ላይ ያለው የአማርኛው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ከሥሩ ብትለጥፍ ኩባንያው ምን ይላል?

---

መተግበሪያ ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ርዕሱን ሳይ ደስ አለኝ። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የሠራሁት የሒሳብ መያዣ መተግበሪያ አለ፤ በፕሌይ ስቶር ላይ አንድ ሰው «አይከፈትም፣ የማይረባ ነው» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ስልኩ አሮጌ ነው፤ የእኔ ጥፋት አይደለም። እንዲህ ዓይነት አስተያየት የሚጠፋበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ደግሞ መልስ ለመጻፍ ስሞክር ቦታው አጠረኝ።

---

ሐረጎ

ወንድሜ፣ የእኅታችን ጥያቄ ስለ ማስጠፋት አይደለም፤ ግን በአጭሩ ልመልስልህ። ስድብ፣ ማስታወቂያ ወይም ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ከሆነ ለጉግል ማመልከት ይቻላል፤ «አይከፈትም» የሚል እውነተኛ ተጠቃሚ ግን የሚጠፋበት ምክንያት የለም። በፕሌይ ስቶር የገንቢው መልስ ከ350 ፊደል አይበልጥም። አማርኛ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ አንድ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ በዚያው ቦታ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሐሳብ ይገባል። «ስልክዎ አሮጌ ነው» ከማለት ይልቅ መተግበሪያው ከየትኛው የአንድሮይድ ስሪት ጀምሮ እንደሚሠራ ጻፍ። ይህንን በማውረጃው ገጽ ላይ ካልጻፍከው ደግሞ የሰውዬው ቅሬታ ልክ ነው።

---

ፒያሳ ጥገና (ደሴ)

እኔ ትርጉም አላውቅም። መፍጫ ግን በየሳምንቱ እከፍታለሁ፤ ስለዚህ ስለ ዕቃው ልናገር።

በጁስ መፍጫ በርበሬ ሲፈጭ ሁለት ነገር ይሆናል። ፈሳሽ ያለበት ነገር ምላጩ ሥር ይዞራል፣ ይንሸራተታል፤ ደረቅ በርበሬ ግን ይጨናነቅና ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ሞተሩ ሲጨነቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻ የጥቅሉ ሽቦ ልባስ ይቃጠላል። ያ ነው የሚሸተው። ሁለተኛው ዱቄቱ ነው፤ በላስቲኩ በኩል ወርዶ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባና ያነቀዋል። ከፍቶ ያየ ሰው ይለየዋል። ኩሽኔታው ቀይ ዱቄት ከያዘና ጥቅሉ ዙሪያውን እኩል ከጠቆረ በደረቅ መፍጨት ተቃጥሏል ማለት ይቻላል። አንድ ጎኑ ብቻ ከጠቆረና ሌላው ንጹሕ ከሆነ ግን ከፋብሪካው የመጣ የጥቅል ጉድለት ሊሆን ይችላል። የመብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለትም አለ፤ እሱን ከሌላው ለመለየት ይከብዳል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የዚያችን ሴት ማሽን ማን ከፈተው? ሱቁ አልከፈተውም፤ ውጭ አገር ያሉትም አላዩትም። ሳይከፈት «ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ» ማለት እንዴት ይቻላል? በርበሬ መፍጨቷን ራሷ ስለነገረቻችሁ ብቻ ነው።

---

የሆጤ ተርጓሚ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛው በቀጥታ «እርስዎ ነዎት ያቃጠሉት» አይልም። ነገር ግን «ይሁን እንጂ ምርቱ ለደረቅ መፍጨት ያልተነደፈ ነው» ሲል ያንኑ ያሰማል፤ በተለይ ከይቅርታው ቀጥሎ ስለመጣ። ይቅርታውን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው የሚቀማ ነው የመሰለኝ።

ሐረጎ ባሉት መሠረት ሦስቱን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ጽፌ ልኬአለሁ። የሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ አያይዣለሁ። ጋሼ የጻፉትንም ጨምሬ «ማሽኑን ያየው ባለሙያ አለ ወይ?» ብዬ ጠይቄአለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቃናው ላይ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። «ውድ ደንበኛ» ይቅር? «እርስዎ» ልበላት ወይስ «አንቺ»? «ሌቦች» ላለችውስ ምን ይባላል?

---

የሸዋ በር ነጋዴ

እኔ ዕቃ እሸጣለሁና ከሻጭ ወገን ልናገር። ሁላችሁም ለገዢዋ ነው የምታዝኑት። «ሌቦች» ብላ በአደባባይ ጽፋለች። ይህ ስም ማጥፋት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። መልሱ ላይ ቢያንስ «በዚህ አነጋገር በሕግ የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ «በመመሪያው ላይ አልጻፍንም» ብላችሁ በአደባባይ ካመናችሁ ነገ በርበሬ የፈጨ ሁሉ ማሽኑን ይዞ ይመጣል። ገበያ አታውቁም።

---

እመት ከገራዶ

እኔ ተርጓሚም ነጋዴም አይደለሁም፤ ከመግዛቴ በፊት አስተያየት የማነብ ሰው ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ሌቦች» የሚለውን ሳነብ ወዲያው አላምንም፣ ተናድዳ ነው ብዬ አልፋለሁ። «መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚለውን ከሥሩ ካየሁ ግን ሱቁ ደጃፍ አልደርስም። ዕቃው ቢበላሽ እኔንም እንዲሁ ሊያስፈራሩኝ ነው ብዬ አስባለሁ።

ልጄ፣ «እርስዎ» በያት። ወጣት ትሁን አሮጊት አታውቂም። ደግሞ ሱቁ ውስጥ «ሳታውቂ» እያሉ አዋርደዋታል፤ አሁን በ«አንቺ» ብትጽፉላት ያው የሱቁ ሰው የሚናገር ይመስላታል። ትንሽ የእኛን አገር ለዛ ጨምሪበት እንጂ፤ «አብሽሪ፣ እናስተካክለዋለን» ቢባል ምን አለበት? ደረቅ ደብዳቤ ማን ይወዳል።

---

ሐረጎ

እመት፣ በ«እርስዎ» ፍጹም እስማማለሁ። በአስተያየቱ ላይ ያለው ስም ብቻውን ጾታን በማይናገርበት ጊዜም «እርስዎ» ያድናል። «አብሽሪ»ን ግን በአደባባይ መልስ ላይ አላስገባውም። ወሎ ውስጥ ፊት ለፊት ሲባል ያጽናናል፤ አጥፊው ራሱ ተበዳይን «አብሽሪ» ሲል ግን ነገሩን ማቃለል ይሆናል። ስልክ ሲደወልላት ይባል።

«ውድ ደንበኛ» ይቅር፤ «ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል። ተቆጥቶ ለጻፈ ሰው «ውድ» ማለት የቅጽ ሽታ አለው።

«ሌቦች» ለሚለው መልስ አይሰጠው። «ሌቦች አይደለንም» ብለው ከጻፉ ቃሉን በራሳቸው አፍ ደግመው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ቁጣው የመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ዕቃው ቶሎ ከመሞቱና ሰው ፊት ከመዋረዷ። ሁለቱን በስማቸው ጠርቶ መመለስ ነው። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛው መልስ ስለ ሁለተኛው አንድም ቃል አላለም። ምናልባት ቅሬታዋ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስላቸው «ደካማ አገልግሎት» ተብሎ ደርሷቸው ይሆናል። የሆጤ ተርጓሚ፣ ያንን ትርጉም ማየት ከቻልሽ እዪው።

ስለ ሕግ ነጋዴው ላነሱት፦ በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሴትዮዋ «ሁለት ሳምንት ሳይሞላው» ብላለች። ጉድለቱ የፋብሪካ ነው ወይስ የአጠቃቀም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ እሱን ለሕግ አዋቂ ልተወው። ግን በአደባባይ ሕግ የሚጠቅስ ሻጭ ገዢዋም ሕግ እንድታነብ ይጋብዛል።

አሁን ቅርጹን ልሞክር። ኩባንያው ሁሉንም ከተስማማ እንዲህ ይሆናል፦

> «ጤና ይስጥልኝ። መፍጫው ሁለት ሳምንት እንኳን ሳያገለግልዎት በመቃጠሉ፣ ሱቃችን ሲመጡም በሰው ፊት በተናገርንዎት ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን። መፍጫው የተሠራው ለጭማቂ ነው፤ ደረቅ በርበሬና ቅመም አይችልም። ይህንን በአማርኛው መመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብን፤ አልጻፍንም። ማሽኑን ይዘው ይምጡ፤ ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል፤ የሚገኘው ምንም ቢሆን በአዲስ እንቀይርልዎታለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሱቁ ውስጥ እንጠብቅዎታለን።»

አንዳንድ ነገር ላስረዳ። «ይሁን እንጂ» ወጥቷል። ስለ ደረቅ መፍጨት የሚናገረው እውነት ግን አልወጣም፤ ሌሎች አንባቢዎች ስለሚያስፈልጋቸው መቆየት አለበት። የተለወጠው ቦታው ነው። ከይቅርታው በኋላ እንደ መከላከያ ሲቆም ወቀሳ ነበር፤ «አልጻፍንም» ከሚለው በፊት ሲቆም ለራሳቸው ጥፋት ማስረጃ ሆነ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትም መፍጫው ነው፤ «እርስዎ» እዚያ ውስጥ የለም።

«በሰው ፊት በተናገርንዎት ነገር» ብዬ «ተናገርንዎት» ያልኩት አውቄ ነው። «ሠራተኛችን» ብንል አንድን ሰው ለአደባባይ መስጠት ይሆናል፤ ትንሽ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። «ቅር ካሰኘንዎት» የሚል «ካ»ም አያስፈልግም፤ ቅር መሰኘቷን ራሷ ጽፋለች። «ስጋትዎን በቁም ነገር እንወስዳለን» የሚለውን ጥዬዋለሁ። አልሰጋችም፣ ተቃጥሎባታል። የዚያን ዓረፍተ ነገር ሥራ «ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል» የሚለው ይሠራዋል።

ሰዓቱን አደራ። ከ9 እስከ 5 የሚለው በውጭ አቆጣጠር ነው። እንዳለ ከተለጠፈ ሴትዮዋ በ9 ሰዓት ትመጣለች፤ ይህ በእነርሱ ከሰዓት በኋላ 3 ነው። ወይም ጭራሽ «ከ9 እስከ 5» ሌሊቱን ያካተተ ይመስላታል። የተበሳጨ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ተዘግቶ ቢያገኘው ምንም አማርኛ አያድነውም።

---

ከጦሳ ሥር

«አልጻፍንም» የሚለው ሲነበብ ጥሩ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን እንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ይህ ትርጉም ሳይሆን አዲስ ድርሰት ነው። ኩባንያው አማርኛ አያነብም፤ ምን እንደተለጠፈለት እንዴት ያውቃል?

---

ሐረጎ

ልክ ነዎት፤ ለዚህ ነው ሳያዩት መለጠፍ የሌለበት። የሚላከው አማርኛው ብቻ አይደለም። ከጎኑ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ ቅጂ፣ ከእሱም ቀጥሎ ከመጀመሪያው ጽሑፍ የተለየበት ቦታና ምክንያቱ ይጻፋል። ቃል በቃል የተመለሰው ቅጂ አስቀያሚ እንግሊዝኛ ሊሆን ይገባል፤ ካሳመርሽው ኩባንያው ያላለውን ነገር ሳያይ ያጸድቃል። የጨመርሽው ዓረፍተ ነገር በቀለም ይለይ። ከፈቀዱ የእነርሱ ቃል ይሆናል፤ ካልፈቀዱ ይወጣል።

---

የሆጤ ተርጓሚ

መልስ መጥቷል። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የሐረጎ ግምት ልክ ነበር። ቅሬታዋ «ሠራተኞቹ ተባባሪ አልነበሩም» ተብሎ ነው የደረሳቸው። «ሰው ፊት አሳፍረው» የሚለው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በትክክል ተርጉሜ ስልክላቸው የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ ወዲያው ነው የተቀበለችው። የአከፋፋዩ ባለቤትም ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ነገሩ መፈጸሙን አረጋግጧል፤ በዚያ በኩል ይቅርታው ይገባል።

በአዲስ መቀየሩን ተስማምተዋል። «የሚገኘው ምንም ቢሆን» የሚለውን ግን አልወደዱትም። እነርሱ የሚሉት ለዚህች ደንበኛ ይሁን፣ ለሁሉም ቃል የተገባ እንዳይመስል ነው። ስለዚህ «ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል፤ እርስዎ ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ አዲሱን ይወስዳሉ» ብዬ አቅርቤአለሁ። «እርስዎ ግን» ሲል ለእርሷ ብቻ መሆኑ ይታያል፤ ማሽኑም ይመረመራል። ይህንን አጽድቀዋል።

የቀረው «አልጻፍንም» ነው። የሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ አይተው ጉድለቱን አምነዋል። የሕግ ክፍላቸው ግን «የአማርኛው መመሪያ ይህንን መረጃ አልያዘም» ይባል እያለ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት በራሱ አይዝም አይጥልም፣ የሚጽፈው ሰው አለ ብዬ መልሼአለሁ። «የተረጋጋና ኃላፊነት የሚወስድ» ያሉት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውንም አስታውሻቸዋለሁ። እስካሁን አልተመለሰልኝም።

---

ሐረጎ

የማይስማሙ ከሆነ መካከለኛ መንገድ አለ፦ «የአማርኛውን መመሪያ እያስተካከልነው ነው፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ይገባበታል።» ትናንት ያላደረጉትን በቀጥታ ባያምኑም ዛሬ የሚያደርጉትን በራሳቸው ግሥ ይናገራሉ፤ አንባቢውም ቀድሞ እንዳልነበረ ይረዳዋል። ግን ይህን የምትጽፊው በእርግጥ እያስተካከሉት ከሆነ ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ አሁንም «አልጻፍንም»ን እመርጣለሁ።

ለአንድ አስተያየት የሚቻለው አንድ መልስ ነው፤ በኋላ ማረም ግን ይቻላል። ስለዚህ በሁለት ቃል ምክንያት ለሳምንታት አይቆይ። ሴትዮዋ ማሽኑን ቀይራ ከሄደች በኋላ ግን መልሱን እየነካኩ ማሳመር አይገባም፤ እሷ ያነበበችው እዚያው ይቆይ። ስልኳንም ሆነ የደረሰኝ ቁጥሯን አደባባይ ላይ እንዳትጽፉ፤ የሱቁ ስልክ ይበቃል።

---

እመት ከገራዶ

እኔ «አልያዘም» የሚለውንም «አልጻፍንም» የሚለውንም አነበብኩ። «አልያዘም» ብትሉኝ አዲሱን ማሽን እወስዳለሁ፤ ኮከቡን ግን አልነካም። «አልጻፍንም» ብትሉኝ አስብበታለሁ። የእኔ ነገር ይህ ነው፤ የሌላው ሰው ሊለይ ይችላል።

---

የሸዋ በር ነጋዴ

በአደባባይ ማመኑን አሁንም አልደግፍም፤ ውጭ ያለው ኩባንያ ኪሳራውን ይችለዋል፣ እኔ ግን አንድ ካርቶን ቢመለስብኝ ከማን ላስከፍል? ይሁን እንጂ ያንኑ የሚመስል መፍጫ ሱቄ ውስጥ አለ፤ የአማርኛ ወረቀቱንም አሁን አይቼዋለሁ፤ ስለ ደረቅ ነገር ምንም አይልም። ተለጣፊ ላሳትም ነው። ምን ብዬ ልጻፍበት? ጋሼም ከሥራቸው አንጻር ይዩልኝ።

---

የሆጤ ተርጓሚ

ተለጣፊ ከሆነ አጭርና ከሩቅ የሚነበብ ይሁን፦

> «ለጭማቂና ለፈሳሽ ብቻ። ደረቅ በርበሬ፣ ቅመም፣ ቡና አይፈጭበትም፤ ሞተሩ ይቃጠላል። 1 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ያሳርፉት።»

«ሞተሩ ይቃጠላል» የሚለውን አያውጡት። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው «አንድ ጊዜ ምን ይለዋል» ብሎ ይሞክረዋል። 1 ደቂቃ የሚለው የዚህኛው ማሽን ነው፤ የእርስዎን ከእንግሊዝኛው ቡክሌት አይተው ያስተካክሉ።

---

ፒያሳ ጥገና (ደሴ)

ቃሉ ጥሩ ነው። ሰው ሲታጠብ የሚያነሳው ማሰሮው ላይ አትለጥፈው፤ በሳምንት ይላጣል። የሞተሩ አካል ላይ፣ ከመክፈቻው አጠገብ አድርገው። ለስንት ያህል እንደሚያርፍም ጨምርበት፤ ቡክሌቱ ካልተናገረ እኔ ለደንበኞቼ የምላቸው አካሉ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ ነው። ሴትዮዋ ማሽኑን ይዛ ስትመጣ ደግሞ አከፋፋዩ ወደ እኔ ይላከው፤ ኩሽኔታው ውስጥ ያገኘሁትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።